የጀመረህ መቼ ነው?

ውድ አዳዲስ አባላት፣ ነባሮችም፣ አሰልጣኞች፣ የዚህ ጂም ባለቤቶች፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «ስፖርት ለጤና ያለው ጥቅም» የሚል ነው። ጥቅሙን ባታምኑበት ኖሮ ከፍላችሁ እዚህ አትቀመጡም። ስለዚህ ርዕሱን በምስጋና ልመልሰውና በየመስከረሙ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍላችን ስለሚመጡት ሰዎች ላውራ። ሰኞ ጂም ይጀምራሉ። ረቡዕ እያነከሱ እኔ ጋ ናቸው። አብዛኞቹ ምንም አልሆኑም። ጥቂቶቹ ግን ሆነዋል። ችግሩ፣ ምንም ያልሆኑት ሞተናል ብለው ይመጣሉ፣ የተጎዱት ደግሞ «ጡንቻ ነው፣ ይለቀኛል» ብለው ቤታቸው ይቀመጣሉ።

አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ነበረች። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የምትውል፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምትኖር። ሊፍት የለም፣ ታውቁታላችሁ። ሰኞ ማታ ከሥራ ስትወጣ ጂም ገባች። ስኳት ሠራች፣ ላንጅ ሠራች፣ ደስ ብሏት ቤቷ ገባች። ማክሰኞ ጠዋት ጭኗ ትንሽ ከበዳት እንጂ ሥራ ሄዳለች። ረቡዕ ጠዋት ግን ከአልጋዋ ስትነሳ እግሯ አልታዘዝ አላት። መጸዳጃ ቤት ለመቀመጥ ግድግዳ ያዘች። ደረጃው ላይ ስትደርስ ደግሞ ጉድ ፈላ። አንዱን እርምጃ ወረደች፣ ጮኸች። በመጨረሻ ፊቷን ወደ ላይ አዙራ፣ የብረቱን መደገፊያ በሁለት እጇ ይዛ፣ ኋሊት ወረደችው። ጎረቤት በሩን ከፍቶ ያያታል። እናቷ «ወጌሻ ጥሩላት» ይላሉ።

እኔ ጋ ስትመጣ አንድ ነገር ነገረችኝ። «መውጣቱንስ እንደምንም እወጣዋለሁ፤ መውረዱ ነው የገደለኝ።» ይህን ስትለኝ ግማሹ ምርመራ አለቀ።

ለምን መሰላችሁ? ደረጃ ስትወጡ የጭናችሁ የፊት ጡንቻ እያጠረ ይገፋችኋል። ስትወርዱ ግን ያው ጡንቻ ክብደታችሁን ተሸክሞ እየተለጠጠ፣ ቀስ አድርጎ ያወርዳችኋል። ስኳት ላይ ወደ ታች ስትሄዱም እንደዚያው ነው። ደምበል ቀስ ብላችሁ ስታወርዱም እንደዚያው። ያልለመደ ጡንቻን የሚያሳምመው በዋናነት ይህ ጭነት ይዞ መለጠጥ ነው። በዓይን የማይታዩት የጡንቻው ክሮች እዚህም እዚያም ይጎዳሉ። ሰውነት ጥገና ይጀምራል፣ አካባቢው ያብጣል፣ ነርቮቹ ስስ ይሆናሉ። ይህ ሁሉ ሰዓታት ይፈልጋል። ስለዚህ ሕመሙ ጂም ውስጥ አይሰማም። ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታል፣ በሳምንት ውስጥ ይጠፋል።

እዚህ ላይ አሰልጣኞችን ልቆጣ። «ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞብሽ ነው» ማለት ይቅር! ላክቲክ አሲድ ሥራ ባቆማችሁ በአንድ ሰዓት ገደማ ከጡንቻው ይጸዳል። ሰኞ ማታ ልብሷን ሳትቀይር የጠፋ ነገር ረቡዕ ጠዋት ደረጃ ላይ እንዴት ያስጮኻታል? ቴዎዶር ሃፍ የተባለ አሜሪካዊ የፊዚዮሎጂ ምሁር ሰዎችን ጣታቸውን እያሠራ አጥንቶ፣ ዘግይቶ የሚመጣው ሕመም ከጡንቻው ውስጥ ከሚደርስ መበጠስ የሚነሳ መሆኑን የጻፈው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። እኛ ገና አሲድ ላይ ነን።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ሁለቱንም ጭኖቿን ተጫንኩ፣ ሁለቱም እኩል ያማሉ። የቱ ጋ ነው ብዬ ስጠይቃት በመዳፏ ጭኗን ሙሉ አሻሸችው። ጉልበቷን አየሁ፣ አላበጠም። የበለዘ ነገር የለም። ኮሪደሩ ላይ ትንሽ አራመድኳት፣ ስትሞቅ ቀለል አላት። ከዚህ ሁሉ በኋላ ምን ሆነሻል ልበላት? ምንም አልሆንሽም። ወጌሻም አያስፈልግም፤ የወለቀ የለም፣ የተሰበረ የለም፣ በኃይል የሚታሽበት ምክንያት የለም። ተራመጂ፣ አልጋ ላይ አትዋይ አልኳት። ለጥቂት ቀን ጉልበትሽ ስለሚቀንስ ከባድ ክብደት እንዳትሞክሪም አልኳት። ሲቀልሽ ያንኑ ስኳት በግማሽ ቁጥር ድገሚው፣ እንዳታቆሚው አልኳት።

እንዳታቆሚው ያልኩት ለማበረታታት አይደለም። ጡንቻ አንዴ እንዲህ ከታመመ በኋላ ለሳምንታት ራሱን ይጠብቃል። ያንኑ ሥራ ስትደግሙት ሕመሙ የመጀመሪያውን ያህል አይሆንም። ሁለት ወር ጠፍታችሁ ስትመለሱ ግን ረቡዕ ደረጃው ይጠብቃችኋል።

አሁን ደግሞ የተጎዳውን ሰው ልንገራችሁ። ቤንች ፕረስ ሲሠራ የመጨረሻዋን ለማንሳት ሲታገል ትከሻው ላይ «ጠቅ» የሚል ነገር ተሰማው። ሕመሙ ወዲያው ነው። ነገር ግን ጓደኞቹ «የመጀመሪያ ሳምንት ነው፣ ሁላችንም አሞናል» አሉት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ይለቀኛል ብሎ ጠበቀ። እኔ ጋ ሲመጣ የጀመረህ መቼ ነው አልኩት። «እዚያው፣ ብረቱ እጄ ላይ እያለ» አለኝ። አሳየኝ አልኩት። በመዳፉ አላሻሸም፣ በአንዲት ጣቱ የትከሻውን ጫፍ ነካ። አንዱ ትከሻ ብቻ ነው። ጃኬት ሲለብስ ይወጋዋል። በዚያ ጎኑ ሲተኛ ሌሊት ይቀሰቅሰዋል። ክንዱን እኔ ሳነሳለት ብዙም አያመውም፣ እጄን እየገፋ ራሱ ሲያነሳው ግን ይጮሃል። ይህ የጅማት ጉዳት ነው። በሞቀ ቁጥር የሚለቅ ዓይነት አይደለም፣ በሠራበት ቁጥር የሚብስ ነው።

ልዩነቱን በእነዚህ ሁለት ሰዎች አስታውሱት። የእሷ በማግስቱ ጀመረ፣ የእሱ እዚያው ጂም ውስጥ። የእሷ በሁለቱም ጎን ሥጋው ላይ ነው፣ የእሱ በአንድ ጎን መገጣጠሚያው ላይ። የእሷ በየቀኑ ቀነሰ፣ የእሱ ሳምንት አልፎም እዚያው ነው። እብጠት፣ መበለዝ፣ መደንዘዝ ወይም አለመርገጥ ካለ አትጠብቁ፣ ታዩ። አንድ ባት ብቻ ካበጠና ከሞቀ ደግሞ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ጡንቻ ነው ብላችሁ አታሹት፣ ሐኪም ቤት ሂዱ።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ። ነባሮች ታስታውሳላችሁ፣ ከመስታወቱ በላይ «ካላመመህ አልሠራህም» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ነበር። ባለፈው ዓመት በዚሁ መድረክ ለምኜ ነበር፣ በክረምቱ ቀለም ተቀብቶበታል። አመሰግናለሁ። ግን ከግድግዳው ጠፋ እንጂ ከአሰልጣኞች አፍ አልጠፋም።

ስሙን በማልጠራው ሌላ ጂም የጀመረ ወጣት ነበር። ጤነኛ ልጅ፣ ኳስ የሚጫወት። በመጀመሪያው ቀን አሰልጣኙ በክንድ ብቻ አስጀመረው። ፑል አፕ፣ ከዚያ ደምበል፣ ከዚያ እንደገና ፑል አፕ። አልቻልኩም ሲል እግሩን ይዞ እያነሳው «አንድ ጨምር» ይለዋል። ወደ ላይ እያነሳው፣ መውረዱን ለብቻው! ቅድም የነገርኳችሁን አስቡ፣ የሚጎዳው መውረዱ ነው። በሁለተኛው ቀን ክርኑን መዘርጋት አቃተው። ለአሰልጣኙ ደወለ። «በጣም ጥሩ፣ ሠርቷል ማለት ነው፣ ና እናፍታታው» አለው። ሄደ፣ ደገሙት። በሦስተኛው ቀን ክንዱ አብጦ የሸሚዙ እጅጌ አላስገባው አለ። ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ ገዝቶ ዋጠ። ማታ ሽንቱ የኮካ መልክ ሆነ።

ያዳነችው እህቱ ናት። ነርስ ናት፣ ሽንቱን እንዳየች በታክሲ ይዛው ድንገተኛ ክፍል ሄደች። ደሙ ውስጥ ክሬያቲን ካይኔዝ የሚባለው ተለካ። ከጡንቻ የሚወጣ ኢንዛይም ነው፣ በጤነኛ ሰው ብዙውን ጊዜ ከጥቂት መቶ አይበልጥም። የእሱ በአስር ሺዎች ነበር። ራብዶማዮላይሲስ ይባላል። ጡንቻው በብዛት ፈርሶ ውስጡ የነበረው ወደ ደም ገብቷል ማለት ነው። ሽንቱን ያጠቆረው ማዮግሎቢን የሚባለው የጡንቻ ፕሮቲን ኩላሊትን ይጎዳል። ከፈረሰው ጡንቻ የሚወጣው ፖታሲየም የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ በራሳቸው ኩላሊት ላይ ጫና ስላላቸው ነገሩን ያብሱታል። ግሉኮስ ሳይሆን በብዛት የጨው ውሃ በደም ሥሩ እየተሰጠው ቀናት ተኛ። ኩላሊቱ ተረፈለት። በዚያ መሃል አሰልጣኙ «ልጄ፣ ደካማ ነህ» ብሎ መልእክት ላከለት።

ደካማ? ማን ነው ደካማ? ሰውን በመጀመሪያ ቀኑ ክንዱ እስኪያብጥ ማሠራት ሙያ ነው? ይህንንማ ማንም መንገደኛ ያደርገዋል! ሕመም የሥራ መለኪያ አይደለም። ነባሮቹ እዚህ ተቀምጣችኋል፣ አብዛኛውን ቀን ሳያማችሁ ነው የጠነከራችሁት።

ሽንት ሳይጠቁርም ይህ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሕመሙ ከሠራችሁት ጋር የማይመጣጠን ከሆነ፣ ጡንቻው ካበጠና ከጠነከረ፣ ክንዳችሁን ማጠፍና መዘርጋት ካቃታችሁ፣ ቀለሙን አትጠብቁ። ሐኪሙ ጋ ስትደርሱ «ጂም ጀምሬ ነበር» በሉ፣ ሳትጠየቁ ተናገሩት። በትኩሳት የሰነበተ፣ ትናንት የጠጣ፣ በሙቀት ውሃ ሳይጠጣ የሚሠራ ሰው የበለጠ ይጠንቀቅ። የኮሌስትሮል መድኃኒት የምትወስዱም ጂም መጀመራችሁን ለሐኪማችሁ ንገሩ።

ስለ ማሳጅ፣ ስለ በረዶ፣ ስለ መሳሳብ ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። ቀላል ማሳጅ ትንሽ ያቀላል። በረዶም ለተወሰነ ሰዓት ያደነዝዛል። መሳሳብ ይህን ሕመም ብዙም አይከላከልም። ካስፈለገ ፓራሲታሞል፣ በልኩ።

አሰልጣኞች፣ ከእናንተ የምፈልገው ትንሽ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ለአንድ ጡንቻ አንድ ወይም ሁለት ዙር ይበቃል፣ ሌላ ሁለት ሦስት መድገም እየቻለ አስቁሙት። ሰው ሲመለስ ክብደት ከማስያዛችሁ በፊት የጀመረው መቼ እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ ሽንቱ ምን እንደሚመስል ጠይቁት። ሦስቱን ጥያቄ በወረቀት ጽፌ አምጥቻለሁ፣ ባለቤቶቹ ከመመዝገቢያው ቅጽ ጋር እንዲያያዝ ተስማምተዋል። ከሰኞ ጀምሮ ይሞላል። አሁን ያመማችሁ ካላችሁ ደግሞ እስከ 12 ሰዓት ድረስ ከኋላ ክፍል ነኝ፣ ደረጃ የለውም።