ዲን ዜሮ ከማድረጋችሁ በፊት

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

የተጋበዝኩት ስለ ፒ.አይ.ዲ ተቆጣጣሪ በጠቅላላው እንድናገር ነው። ይቅርታ ይደረግልኝና እኔ የመጣሁት ለአንዲት ፊደል ጥብቅና ልቆም ነው። በየመቆጣጠሪያ ክፍሉ የለውጥን ፍጥነት የምታየው ዲ ዜሮ ሆና ትገኛለች። ለምን ሲባል መልሱ አንድ ነው፦ «ቫልቩን ታንቀጠቅጠዋለች።»

አንድ ምድጃ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጌይኑ ለአንድ ዲግሪ 2 በመቶ፣ የዲ ጊዜ 20 ሰከንድ ነው፤ ልኬቱ በየ0.1 ሰከንዱ ይነበባል። ኦፕሬተሩ የሚፈለገውን ሙቀት በ10 ዲግሪ ከፍ ሲያደርግ ቫልቩ እስከ ጥግ ተከፍቶ ወዲያው ይመለሳል። እስቲ አብረን እናስላው። 2 በ20፣ ከዚያም በ10 ተባዝቶ ለ0.1 ሲካፈል 4000 ይሆናል። መቶ በመቶ ላይ ለሚያበቃ ቫልቭ የ4000 በመቶ ትእዛዝ! ሙቀቱ ገና ንቅንቅ አላለም፤ የተነቃነቀው የኦፕሬተሩ ጣት ብቻ ነው። ማንም ምንም ሳይነካ ደግሞ የሴንሰሩ ንባብ በ0.1 ዲግሪ ሲዋዥቅ፣ በዚያው ስሌት ቫልቩ 40 በመቶ ይዘላል። የቫልቩ ማሸጊያ ተበልቶ ማፍሰስ ሲጀምር ዲ ተወቀሰች፣ ተዘጋችም።

ዲ ምን አጠፋች? ያለ ማጣሪያ የለቀቃትን ሰው ለምን አንጠይቅም? የሚፈለገው ሙቀት በተቀየረ ቁጥር እንድትደነብር ያደረጋትንስ?

መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዲ ከስህተቱ፣ ማለትም በሚፈለገውና በተለካው መካከል ካለው ልዩነት፣ ሳይሆን ከልኬቱ ብቻ ትሰላ፤ የ4000ው ምት ያን ጊዜ ዜሮ ይሆናል። ፒም ለብቻው 20 በመቶ ይዘላል፤ የሚፈለገው እሴት ፒ ውስጥ ሲገባ በ0.4 ክብደት ቢባዛ ዝላዩ ወደ 8 ይወርዳል። የአይ ክፍል ግን ስህተቱን ሙሉውን ማየት አለበት፤ አለዚያ ሙቀቱ ከተፈለገው ቦታ አይደርስም። ሁለተኛ፣ ዲ ላይ የጊዜ ቋሚው የዲ ጊዜ አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 2 ሰከንድ የሆነ ማጣሪያ ይግባ። ያ የ40 በመቶ ዝላይ ወደ 2 ገደማ ይወርዳል።

ማጣሪያው ነፃ አይደለም። የጊዜ ቋሚውን ወደ 10 ሰከንድ ብትስቡት ዲ የምትሰጠው ቀዳሚነት ጉልህ ክፍሉ ይጠፋል፤ እንደገና ማስተካከል ግድ ይላል። ክብደቱ ግን መረጋጋቱንም ሆነ ለረብሻ የሚሰጠውን ምላሽ አይነካም።

የትኛው እንደጎደለ ለማወቅ የሚፈለገውን እሴት ሳትነኩ የቫልቩን ትእዛዝ ተመልከቱ። ከተንቀጠቀጠ ማጣሪያው ይታይ፤ ጸጥ ብሎ በለውጥ ጊዜ ብቻ ከዘለለ ክብደቶቹ ይታዩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ተቆጣጣሪው የሚፈለገውን እሴት ከሌላ ተቆጣጣሪ የሚቀበል ከሆነ የፒን ክብደት 1 ላይ ተዉት፤ እዚያ ፈጥኖ መከተል ሥራው ነው።

አመሰግናለሁ።