እጅ እና ዋይንዲንግ፦ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች

ጤና ይስጥልኝ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ገጸ ባሕርይ ጉዞ ነው። ብሌንደር ላይ ይሠራል፣ በ glTF ፋይል ይወጣል፣ ዩኒቲ ውስጥ ይገባል። ብዙዎቻችሁ ዝግጁ ኢምፖርተር ስለምትጠቀሙ ይህ ሥራ ሳታዩት ያልቃል። የራሱን ኢምፖርተር የሚጽፍ ሰው ግን፣ ወይም በስክሪፕት ሜሽ እያወጣ የሚያስገባ፣ ወይም የተላከለት ሞዴል ለምን እንደተበላሸ የሚመረምር ሰው፣ እዚህ ጋ ቀናት ያቃጥላል። የሚቃጠለውም ሒሳቡ ከብዶ አይደለም። ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን እንደ አንድ ስለምናያቸው ነው።

እስቲ ሁለት እጃችሁን አንሡ። አውራ ጣታችሁ ወደ ቀኛችሁ፣ ሌባ ጣታችሁ ወደ ላይ ይሁን። አሁን የመሀል ጣታችሁን ከመዳፋችሁ ፊት ለፊት ዘርጉት። የቀኝ እጃችሁ የመሀል ጣት ወደ ራሳችሁ ይመጣል። የግራው ወደ እኔ ይሄዳል። አውራ ጣት X ነው፣ ሌባ ጣት Y፣ የመሀል ጣት Z። የቀኝ እጅ ሲስተምና የግራ እጅ ሲስተም የምንለው ይህንን ነው። እጃችሁን የፈለጋችሁትን ያህል አዙሩት፣ አንዱ ሌላውን አይሆንም። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ማዞር አይበቃም፤ መገልበጥ ያስፈልጋል።

ብሌንደር የቀኝ እጅ ነው፣ ወደ ላይ የሚያየው Z ነው። glTF ም የቀኝ እጅ ነው፣ ወደ ላይ የሚያየው ግን Y ነው። ስለዚህ ከብሌንደር ሲወጣ (x, y, z) የነበረው (x, z, -y) ይሆናል። ይህ መዞር ብቻ ነው፣ እጁ አልተቀየረም። ያቺን የመቀነስ ምልክት ረስቶ Y ን እና Z ን ብቻ ያቀያየረ ሰው ግን ሳያውቀው ገልብጧል። ሁለት አክሲስ ማቀያየር መገልበጥ ነው።

ዩኒቲ የግራ እጅ ነው። እንደ glTF ሁሉ Y ወደ ላይ፣ +Z ወደ ፊት ነው። ልዩነቱ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፦ በ glTF የገጸ ባሕርዩ ቀኝ -X ነው፣ በዩኒቲ +X ነው። ስለዚህ X ን በ -1 ማባዛት ይበቃል። እስከዚህ ድረስ ማንም አይሳሳትም። ችግሩ ቀጥሎ ነው የሚመጣው።

አንድ ሦስት ማዕዘን እንውሰድ። A (0,0,0)፣ B (1,0,0)፣ C (0,1,0)። በ glTF ከ +Z በኩል ሆናችሁ ብታዩት A፣ B፣ C በሰዓት ተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራሉ። glTF ደግሞ በሰዓት ተቃራኒ የሚዞረው ገጽ ፊት ነው ይላል። ዋይንዲንግ የምንለው ይህ የማዕዘኖች ቅደም ተከተል ነው። ዩኒቲ በተቃራኒው በሰዓት አቅጣጫ የሚዞረውን ነው ፊት የሚለው። ጀርባ የሆነውን ገጽ በተለመደው ማቴሪያል አይስለውም።

አሁን ምንም ሳንነካ፣ ቁጥሮቹን እንዳሉ ዩኒቲ ውስጥ እንክተታቸው። ምን የምናይ ይመስላችኋል? ደህና ሞዴል ነው የምናየው! ገጾቹ በትክክል ይታያሉ፣ ብርሃኑም ልክ ነው። ምክንያቱም በዩኒቲ ከ +Z በኩል ስናይ X ወደ ግራችን ይሄዳል። B ወደ ግራ ሄደ፣ ስለዚህ ዙሩ በሰዓት አቅጣጫ ሆነ። ዩኒቲም የሚፈልገው ያንኑ ነበር። ግን ገጸ ባሕርያችን ጦር በቀኝ፣ ጋሻ በግራ የያዘ ከነበረ አሁን ጦሩ በግራ እጁ ነው። ፊቱ ላይ ያለው ጠባሳ ጉንጭ ቀይሯል። ሞዴሉ ግራና ቀኙ እኩል ከሆነ ደግሞ ማንም ሳያይ ወራት ያልፋሉ።

ቀጥሎ ሰውየው ያውቅና X ን ይገለብጣል። B አሁን (-1,0,0) ሆነ። ጦሩ ወደ ቀኝ እጁ ተመለሰ። ግን ሞዴሉ የውስጡ ወደ ውጭ ወጥቶ ይታያል፦ የፊቱ ቆዳ ጠፍቶ የጭንቅላቱ የኋላ ግድግዳ ከውስጥ በኩል ይታያችኋል። ይህ የሆነው ቅርጹ ወደ ትክክለኛው ስለተመለሰ ነው። ዙሩም ወደ ሰዓት ተቃራኒ ተመለሰ፣ ዩኒቲ ደግሞ ያንን ጀርባ ይለዋል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው «X መገልበጡ ነው ያበላሸው» ብሎ ያጠፋዋል። ትክክለኛውን እርምጃ አጥፍቶ ወደ ተደበቀው ስህተት ይመለሳል። በጣም የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

የሚያስፈልገው የእያንዳንዱን ሦስት ማዕዘን ሁለት ማዕዘን ማቀያየር ነው። 0, 1, 2 የነበረው 0, 2, 1 ይሁን። በቃ።

ልብ በሉ፣ ማዕዘኖቹን ያቀያየርነው እጁ ስለተቀየረ አይደለም። ዩኒቲ ፊት የሚለው ሌላ ዙር ስለሆነ ነው። ለዚህ ጥሩ ማስረጃው ጎዶት ነው። ጎዶት እንደ glTF የቀኝ እጅ ነው፣ Y ም ወደ ላይ ነው። ኮኦርዲኔቱን መገልበጥ አያስፈልግም። ሆኖም በሰዓት አቅጣጫ የሚዞረውን ፊት ስለሚል የጎዶት glTF ኢምፖርተር የማዕዘኖቹን ቅደም ተከተል ይቀይራል። እጁ ሳይቀየር ዋይንዲንጉ ተቀየረ ማለት ነው። ስለዚህ ማንኛውም ሁለት ቱል መካከል ስትገቡ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። እጁ አንድ ነው ወይ? ፊት የሚሉት ዙር አንድ ነው ወይ? የአንዱ መልስ የሌላውን አይመልስም።

ስለ አቋራጮቹ ባጭሩ ልናገር። አንዱ ማቴሪያሉን ባለ ሁለት ፊት ማድረግ ነው። ገጹ ይታያል፣ ግን የማይታየውንም ገጽ መሳል ትጀምራላችሁ፣ ጀርባ ነው ብሎ ኖርማሉን የሚገለብጥ ሼደር ካለ ደግሞ ብርሃኑ ይበላሻል። ሌላው ስኬሉን በ X በኩል -1 ማድረግ ነው። ዩኒቲ ይህን አይቶ ዙሩን ስለሚያስተካክል ስዕሉ ልክ ይመጣል። ግን ያ አሉታዊ ስኬል ሥሩ ላይ ይቀራል፤ ቦክስ ኮላይደር ስታስገቡ ዩኒቲ አሉታዊ ስኬል አልደግፍም ብሎ ያስጠነቅቃችኋል። ለውጡን ዳታው ላይ አድርጉት፣ ኢምፖርት ሲሆን አንድ ጊዜ።

የአክሲሱና የዋይንዲንጉ ለውጥ ከ glTF ወደ ዩኒቲ ይህ ነው፦

```
position = (-x,  y,  z)
normal   = (-x,  y,  z)
tangent  = (-x,  y,  z, -w)
rotation = ( x, -y, -z,  w)
triangle = ( a,  c,  b)
```

አራተኛው መስመር ላይ ቆም እንበል፣ ሰው የሚያስቸግረው እሱ ነው። ኳተርኒየኑ ላይ X ሳይነካ Y እና Z ለምን ተገለበጡ? መዞር እንደ ቦታ ስላልሆነ ነው። ስንገለብጥ በ X ዙሪያ የሚደረግ መዞር እንዳለ ይቆያል፣ በ Y ና በ Z ዙሪያ ያለው ግን አቅጣጫውን ይቀይራል። በ Y ዙሪያ 90 ዲግሪ የሆነው (0, 0.707, 0, 0.707) ዩኒቲ ላይ (0, -0.707, 0, 0.707) ይሆናል።

ይህን የረሳ ሰው የሚያየው ነገር ለየት ያለ ነው። የአንገቱ አጥንት ከአክሲሶቹ ጋር የተስተካከለ ነው እንበል። ገጸ ባሕርዩ «አዎ» ብሎ ራሱን ሲነቀንቅ ልክ ነው፣ ያ በ X ዙሪያ ነውና። ወደ ግራ ዞር ማለት ሲገባው ግን ወደ ቀኝ ይዞራል። ወደ ትከሻው ማዘንበል ሲገባውም ወደ ሌላኛው ትከሻ ያዘነብላል። አንድ አኒሜሽን ብቻ ሞክራችሁ «ሠርቷል» አትበሉ፤ በሦስቱም አክሲስ የሚዞር ሞክሩ። አጥንቶቹ አጋድመው የተቀመጡ ከሆነ ደግሞ እጅና እግሩ ሁሉ ይጠማዘዛል፣ ያኔ ቢያንስ ስህተቱ ራሱን ይናገራል።

አኒሜሽኑ ላይ ያሉት ኪፍሬሞችም ሁሉ በዚሁ መንገድ ይለወጣሉ። ስኪኑ ያለው inverse bind matrix ም እንዲሁ። ማትሪክሱን በሁለቱም በኩል በመገልበጫው አባዙት፤ ውጤቱ በመጀመሪያው ረድፍና በመጀመሪያው ዓምድ ያሉት ቁጥሮች ምልክታቸውን ይቀይራሉ፣ ጥጉ ላይ ያለው ብቻ አይቀየርም።

ታንጀንቱ ላይ ያለው w ደግሞ ትንሽ ትመስላለች። ከረሳችኋት ኖርማል ማፑ በአንድ በኩል ይገለበጣል። ከላይ በሚመጣ ብርሃን ወጣ ያለው የጋሻ ጉብታ የጎደጎደ ይመስላል። ሜሹ ልክ ሆኖ ጥላው ብቻ ግራ ካጋባችሁ መጀመሪያ እሷን እዩ።

ለመፈተሽ አንድ ትንሽ ሞዴል ሥሩ። ሳጥን ይሁን፣ ፊቱ ላይ «ፈ» የሚል ፊደል ከፍ ብሎ ይቀረጽበት። «ሀ» አይሁን፣ ቢገለበጥም ብዙ አያስታውቅም። ፊደሉ ተገልብጦ ከታየ እጁ ተሳስቷል። የሳጥኑ ውስጥ ከታየ ዋይንዲንጉ ተሳስቷል። ሁለቱም ከሆነ ሁለቱም።

ዋይንዲንጉን በኮድም ማረጋገጥ ይቻላል። ዩኒቲ ውስጥ ካስገባችሁ በኋላ የሁለቱን ጎኖች ክሮስ ፕሮዳክት ውሰዱ፣ ከተቀመጠው ኖርማል ጋር ዶት አድርጉት፦

```
d = dot(cross(B - A, C - A), N)
```

ከዜሮ በላይ ከሆነ ዙሩና ኖርማሉ ተስማምተዋል። በምሳሌያችን X ብቻ ሲገለበጥ ክሮሱ (0, 0, -1) ይሆናል፣ ኖርማሉ (0, 0, 1) እንዳለ ነው፣ d ም -1 ይወጣል። ሁሉም ሦስት ማዕዘን አሉታዊ ከሆነ ማዕዘኖቹን አላቀያየራችሁም። ጥቂቶቹ ብቻ ከሆኑ ሞዴሉ ከመጀመሪያውም ችግር ነበረበት። ግን ይህ ፍተሻ ምንም ያልነካነውን የመጀመሪያውን ፋይል ደህና ነው ብሎ ያሳልፈዋል፤ እዚያም ዙሩና ኖርማሉ ይስማማሉ። መገልበጡን ለማወቅ ፊደሉን በዓይናችሁ ማየት አለባችሁ።

አንድ ጉዳይ ቀርቶኛል። አርቲስቱ የግራውን ጫማ ሠርቶ የቀኙን በ -1 ስኬል ያወጣው ሊሆን ይችላል። glTF ለዚህ ደንብ አለው፦ የኖዱ አጠቃላይ ማትሪክስ ዲተርሚናንት አሉታዊ ከሆነ ፊቱ በሰዓት አቅጣጫ የሚዞረው ነው። ኖዱን እንዳለ ካስገባችሁ ዩኒቲ ራሱ ይይዘዋል፣ ለእሱ ተብሎ ተጨማሪ ምንም አታድርጉ። ትራንስፎርሙን ቨርቴክሶቹ ላይ ከጋገራችሁት ግን ስኬሉ ስለሚጠፋ ዩኒቲ የሚያውቅበት መንገድ የለም። ያኔ የዚያን ጫማ ማዕዘኖች ሁለተኛ ጊዜ ማቀያየር አለባችሁ። ሁለት ጊዜ ማቀያየር ደግሞ እንዳለ መተው ነው። ስለዚህ ከመጋገራችሁ በፊት ዲተርሚናንቱን አስሉ፣ አሉታዊ ለሆኑት ሜሾች የማዕዘኖቹን ቅደም ተከተል አትንኩ።

የተበላሸ ፋይል ያለው ካለ ላፕቶፑን ይዞ ወደዚህ ይምጣ፣ አብረን እንከፍተዋለን። አመሰግናለሁ።