«አልመጣም» በእንግሊዝኛ ሲነገር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ግስ ነው፤ «አልመጣም» ስለምትለው።

የሥራ ባልደረባችሁ ቅዳሜ ማታ እራት ጠራችሁ እንበል። በአማርኛ «ቅዳሜ እንኳ አልመጣም፣ ቀጠሮ አለብኝ» ብትሉት ቅር አይለውም። «እንኳ» አለች፣ የድምፃችሁ ለዛ አለ፣ ሰውየው ታላቃችሁ ከሆነ ደግሞ አንቱታው አለ። ያንኑ ቃል በቃል «አይ ዊል ኖት ካም» ስትሉት ግን ይሄ ሁሉ ይረግፋል። «ዊል ኖት» ሳያጥር ተለይቶ ሲነገር የሚሰማው እምቢታ ነው፤ ያኮረፈ ሰው ይመስላል። «አይ ዶንት ዋንት» ይብሳል፤ ግብዣውን ትታችሁ ጋባዡን የገፋችሁት ያህል ነው።

እንግሊዝኛ አንቱ ስለሌለው ትሕትናውን ብዙ ጊዜ የሚሸከመው «ዉድ» ነው፤ «አይ ዉድ» ሲያጥር «አይድ» ይሆናል። «አይድ ላቭ ቱ፣ በት…» ስትሉ ሰሚው «በት» ላይ ሲደርስ መልሳችሁን ያውቀዋል፤ «ኖ» የሚለው ቃል ከአፋችሁ መውጣት የለበትም። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚውጣት «ድ» ናት። «አይ ላቭ ቱ» ከሆነ «ዉድ» ጠፋ፣ ዓረፍተ ነገሩም ተበላሸ።

እንግዲህ ሙሉው መልስ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ታንክስ ሶ ማች ፎር አስኪንግ። አይድ ላቭ ቱ፣ በት አይ ኦልሬዲ ሃቭ ፕላንስ ኦን ሳተርዴይ። ሆፕ ዩ ሃቭ ኤ ግሬት ታይም።» መጀመሪያ ምስጋና፣ ከዚያ ፍላጎት፣ ከዚያ ምክንያት፣ መጨረሻ ላይ ምኞት። ምክንያቱ አንድ ብቻ ይሁን፣ አጭርም ይሁን። እኛ ምክንያት የምናበዛው ለአክብሮት ነው፤ እዚያ ግን ሲበዛ ሰበብ ይመስላል። ደግሞም በር ይከፍታል፦ «ልጄን የሚይዝልኝ የለም» ብትሉ «ይዛችሁት ኑ» ትባላላችሁ፤ ያኔ ምን ይመለሳል?

ሌላዋ ወጥመድ «እሞክራለሁ» ናት። በአማርኛ እንደማትመጡ ሁለታችሁም ይገባችኋል። «አይል ትራይ» ሲባል ግን ጋባዡ ሊመጡ ይችላሉ ብሎ ወንበር ሊያስቀምጥላችሁ ይችላል፤ ስትቀሩ ቅር ይለዋል። የእውነት ካልወሰናችሁ «ካን አይ ሌት ዩ ኖ ባይ ተርስዴይ?» በሉ፤ ከዚያ ሐሙስ ሳያልፍ መልስ ስጡ።

ለአለቃ ወይም በደብዳቤ ከሆነ «አይም አፍሬድ አይ ካንት» ያምራል። ፍርሃት የለበትም፤ «አዝናለሁ» እንደማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በይሉኝታ «ኖ፣ ታንክ ዩ» ብላችሁ እስክትለመኑ አትጠብቁ። ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ልመና የለም፤ ሳህኑ ይነሳል። ከራባችሁ በመጀመሪያው ጥያቄ «የስ፣ ፕሊዝ» በሉ።