የጎደለው ብር ነው ወይስ ሰው?

ጤና ይስጥልኝ። የዳቦና የኬክ ሥልጠናችሁን ጨርሳችሁ ለዚህ ቀን በመብቃታችሁ እንኳን ደስ አላችሁ።

ባለፈው ሳምንት ስንጨዋወት ብዙዎቻችሁ አንድ ነገር ነው የጠየቃችሁኝ። «ዳቦ ቤት ብቻዬን ልክፈት ወይስ ከሰው ጋር?» እኔ ሁለቱንም አይቻለሁ። መጀመሪያ ከጓደኛዬ ጋር ነበርኩ፤ አሁን ብቻዬን ነኝ። ሰው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላችኋል። እውነት ነው። ግን ምን እንደጎደላችሁ ሳታውቁ ሸሪክ አትያዙ። ብር ነው ወይስ ሰው?

ብር ነው እንበል። ምድጃው፣ ሊጥ ማቡኪያው፣ የቤት ኪራዩና የመጀመሪያው ዱቄት አንድ ላይ 600,000 ብር ፈጀ ብለን እናስብ። እጃችሁ ላይ 350,000 አለ። 250,000 ጎደለ። አንድ ዘመድ «እኔ ላምጣ፣ ሸሪክ አድርገኝ» አላችሁ። ከመቶ 42 ገደማ የእሱ ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። ሌሊት ተነስታችሁ ሊጥ የምታቦኩት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ትርፍ ከመከፈሉ በፊት የራሳችሁን ደመወዝ አውጡ። ቤቱ በወር 30,000 ቢያስቀር፣ 12,000ው ደመወዛችሁ ነው። የሚካፈለው 18,000 ነው፤ ከዚህ ለዘመዳችሁ 7,500 ገደማ ይደርሰዋል። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ብሩን መልሶ ያገኛል። ከዚያም በኋላ ድርሻው አይቀርም፤ ዳቦ ቤቱ እስካለ ድረስ ይቀጥላል።

ያንኑ ብር በዓመት 18 ከመቶ ወለድ ለ2 ዓመት ብትበደሩስ? የወር ክፍያው 12,500 ብር ገደማ ይመጣል። ከ18,000ው የሚተርፋችሁ 5,500 ብቻ ነው። ጠባብ ነው። ግን በ25ኛው ወር ዕዳው አለቀ፤ ቤቱም የእናንተ ብቻ ሆነ።

ታዲያ ብድር ይሻላል? ሁልጊዜ አይደለም። ዱቄት ሲወደድ ወይም መብራት ሲጠፋ ሊጡ ይበላሻል፤ ወሩም ባዶ ይሆናል። ባንክ ይህን አያውቅም፣ ክፍያውን ይጠብቃል። ሸሪክ ግን ከእናንተ ጋር ይከስራል። ስለዚህ መጀመሪያ መጥፎውን ወር አስሉ። በመጥፎው ወር ክፍያውን መወጣት ከቻላችሁ ተበደሩ፣ ዕቁብም ግቡ። ካልቻላችሁ ሸሪኩ የሚወስደው ድርሻ የመድን ዋጋ ነው።

የጎደለው ሰው ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ዳቦ ቤት ሁለት ቦታ አለው፤ ምድጃውና ባንኮኒው። ሌሊቱን ሲጋግር ያደረ ሰው ጠዋት ባንኮኒ ላይ ይተኛል። ባንኮኒው ላይ ደግሞ ጥሬ ብር ያለ ደረሰኝ እጅ ለእጅ ያልፋል። እዚያ የሚቆመው ሰው ነው እምነት የሚጠይቀው። ብር አዋጥቶ ቤቱ የሚቀመጥ ሸሪክ ያን ያህል አያስፈራም።

የእኔ ጓደኛ ሌባ አልነበረም። ለጎረቤት ዱቤ ይሰጣል፤ አይጽፍም። ማታ አምስት ዳቦ ይዞ ይሄዳል። እኔም እይዝ ነበር፣ አልዋሽም! ለራሳችን ደመወዝ አልወሰንንም፤ ሁለታችንም ሲቸግረን ከመሳቢያው እናነሳለን። ስምንተኛው ወር ላይ ሂሳብ ስንሠራ ማን ምን እንደወሰደ የሚያውቅ ጠፋ። ንግድ ፈቃዱ በእኔ ስም፣ ብሩ የሁለታችን። ወረቀት የለም። እሱ ቢከሰኝ ኖሮ እጁ ላይ ያለው ማስረጃ አንድ የባንክ ማስተላለፊያ ብቻ ነበር።

ስለ ሕጉ አንድ ነገር ልጨምር። በ1952ቱ የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ሰው ወንድሙን ወይም ሚስቱን ለስም ያህል ያስገባ ነበር። በ2013 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1243 አንድ ሰው ብቻውን እንዲያቋቁም ፈቅዷል። የንግዱ ዕዳ የግል ንብረቴን እንዳይነካ ብላችሁ ብቻ ሸሪክ አትፈልጉ።

ሸሪክ ከያዛችሁ ግን ማን ስንት እንዳዋጣ፣ ማን ስንት ደመወዝ እንደሚወስድ፣ አንዱ ልውጣ ቢል ድርሻው እንዴት እንደሚገመት ጻፉ። ምድጃ ለሁለት አይሰነጠቅም።

ከመፈራረማችሁ በፊት ደግሞ አንድ የበዓል ትዕዛዝ አብራችሁ ውሰዱ። ሠላሳ ድፎ ዳቦ ይበቃል። ዱቄቱን አንዳችሁ ግዙ፣ ሌላው ይሽጥ። ማታ ደብተሩ ሲከፈት ሰውየውን እዩት። የጎደለውን ብር ራሱ ይናገራል ወይስ እስክትጠይቁት ይጠብቃል?

እኔና ጓደኛዬ ይህን አልሞከርንም። አሁን ዱቄት የሚያመጣልኝ እሱ ነው። ጆንያው ሲወርድ እቆጥራለሁ፣ ብሩን እሰጠዋለሁ፣ እሱም ፊቴ ይቆጥራል። ከዚያ ሻይ እንጠጣለን።

አመሰግናለሁ።