የመዋጮው በጀት ከሐዋሳ ሲታይ

የተከበራችሁ አባላት፣ ከውጭ የመጣችሁም፣ እዚህ ሐዋሳ ሥራውን የምትከታተሉ የኮሚቴ አባላትም፣ እንደምን አደራችሁ።

የሁለቱን መማሪያ ክፍሎች በጀት የሠራነው ሐዋሳ በሚደርሰው ገንዘብ ነው። ስድሳ አባላት በየወሩ 20 ዶላር ሲከፍሉ በዓመት 14,400 ዶላር ይሆናል። ይህ ግን ወረቀት ላይ ያለ ገንዘብ ነው። በወሩ የሚከፍሉት በአማካይ 51 ስለሆኑ፣ የያዝነው 12,240 ነው። ውዝፍ ሲገባ እሰየው፣ ለመጠባበቂያ ይውላል፤ ለግንበኛው ግን ቃል አንገባበትም።

አሁን ወደ መላኪያው ልምጣ። ባንኩ ለአንድ ሐዋላ 35 ዶላር ያስከፍላል፤ በመሃል ያለው ባንክ ደግሞ 20 ይቆርጣል። ድምሩ 55 ነው፤ የምንልከው ብዙም ሆነ ጥቂት ያው ነው። በየወሩ ብንልክ በዓመት 660 ዶላር ይሄዳል። በየሦስት ወሩ ብንልክ 220 ብቻ ነው። ልዩነቱ 440 ዶላር፣ የአንድ አባል የ22 ወር መዋጮ ነው። ስለዚህ በዓመት አራት ጊዜ እንልካለን።

የሦስት ወሩ 3,060 ነው። የባንኩ 35 ሲቀነስ 3,025 ይላካል፤ እዚህ የሚገባው 3,005 ነው። ብሩ አነሰ የሚል ቅሬታ ሲነሳ መጀመሪያ የሚታየው የሐዋሳው ባንክ የሚሰጠው ደረሰኝ ላይ ያለው የዶላር መጠን ነው። ዶላሩ ራሱ ከተላከው ካነሰ፣ የቆረጠው በመሃል ያለው ባንክ ነው። ዶላሩ ልክ ሆኖ ብሩ ካነሰ ግን ጉዳዩ የምንዛሪ ተመን ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ባንኮች ተመኑን ራሳቸው ስለሚያወጡ፣ ከባንክ ባንክ፣ ከቀን ቀን ይለያያል። በላኪው ቅጽ ላይ SHA ሲመረጥ የመሃሉ ቅናሽ ከተላከው ላይ ይነሳል፤ OUR ሲመረጥ ላኪው አስቀድሞ ይከፍላል። OUR የሚጠቅመው ባንኩ ለዚህ የሚጨምረው ከ20 ዶላር ካነሰ ብቻ ነው፤ ጠይቁ።

በጀቱን ወደ ብር የምንመነዝረው በመጨረሻው ደረሰኝ ተመን ነው። ሰው የሚያወራው የጥቁር ገበያ ዋጋ እዚህ ቦታ የለውም፤ ሕገ ወጥ ከመሆኑም ሌላ ለኦዲት የሚቀርብ ደረሰኝ የለውም።

በየሦስት ወሩ መላክ አንድ ችግር አለው። ግንበኛው ክፍያ የሚጠይቀው ሥራው ሲደርስ ነው፣ ገንዘባችን ግን ጥቅምት፣ ጥር፣ ሚያዝያና ሐምሌ ላይ ነው የሚገባው። ጣሪያ ሊመታ ሲል ብር ከሌለ ሠራተኛው ይበተናል፣ ተመልሶ ለመሰብሰብም ሌላ ወጪ ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ የክፍያ ደረጃዎቹ ከነዚህ ወራት በኋላ እንዲወድቁ ይጻፍ፤ ሐዋላው የሚዘገይበትን ታሳቢ አድርጋችሁም ሁለት ሳምንት ጨምሩበት። የሐምሌው ገንዘብ በክረምቱ መሠረት ስለማይቆፈርበት፣ እስከ መስከረም በማኅበሩ ሒሳብ ይቆያል፤ ማውጫውም የሁለት ሰው ፊርማ ነው።

የዓመቱ ሒሳብ ከነደረሰኙ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ጥያቄ ያላችሁ ከሻይ በኋላ አቅርቡ።