የአንድ አስጎብኚ ወር፦ ቨርቹዋል አሲስታንት የአገልግሎት ጥቅሉን እንዴት ይቀምራል?

ክቡራንና ክቡራት የሥልጠናው ተሳታፊዎች፣

በቨርቹዋል አሲስታንትነት፣ ማለትም የደንበኛን የቢሮ ሥራ ከርቀት በኢንተርኔት ለመሥራት ስለተዘጋጃችሁ ዛሬ የማነሣው አንድ ጥያቄ ነው፤ ለአነስተኛ ድርጅት ባለቤት የምናቀርበው ወርኃዊ ጥቅል በምን ላይ ተመሥርቶ ይዘጋጃል? ለምሳሌ ያህል በሁለት መኪና ቱሪስት የሚያስጎበኝ፣ ሥራ አስኪያጅም ገንዘብ ያዥም ራሱ የሆነ አንድ የአዲስ አበባ አስጎብኚ እንውሰድ።

ይህ ሰው እንግዶቹን ይዞ ወደ ሰሜን ተራሮች ሲወጣ ስልኩ ለቀናት ኔትወርክ ላያገኝ ይችላል። በዚያው ሰሞን ጥምቀትን ጎንደር ላይ ለማክበር የፈለገ ጀርመናዊ ዋጋ ጠይቆ ኢሜይል ይልካል፤ አስጎብኚው ከተራራው ወርዶ እስኪመልስለት ድረስ ግን እንግዳው ከሌላ ድርጅት ጋር ተዋውሏል። ባለቤቱን የጎዳው በጊዜው የሚመልስለት ሰው ማጣቱ ስለሆነ፣ የጥቅሉ ዋና ሥራ ኢሜይል መከታተል መሆን አለበት። ብዙ ጀማሪዎች የፌስቡክ ገጽ፣ የፖስተር ዲዛይንና የሒሳብ ሥራ አንድ ላይ አጭቀው ያቀርባሉ፤ እንዲህ ያለው ጥቅል ሲያዩት ያምራል፣ በሁለተኛው ወር ግን የትኛውም በቅጡ አይሠራም።

ኢሜይሉን ለመከታተል የባለቤቱን የይለፍ ቃል አትቀበሉ። ጂሜይል የሚጠቀም ከሆነ በኮምፒውተሩ ቅንብር ውስጥ Accounts and Import የሚለውን ከፍቶ፣ Grant access to your account ከሚለው ፊት ለፊት አድራሻችሁን ያስገባል። የሚላክላችሁን ግብዣ ከተቀበላችሁ በኋላ መልእክቶቹን ማንበብ፣ መመለስና መሰረዝ ትችላላችሁ፤ የይለፍ ቃሉን መለወጥ ግን አትችሉም። ውሉ ሲያበቃም ባለቤቱ ፈቃዱን ከዚያው ቦታ ያነሣል፤ ማንም ማንንም አይጠረጥርም።

ከኢሜይል ቀጥሎ ያለው ሥራ ቀጠሮ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እንግዳው “ጠዋት 8:00 ከሆቴል ውሰዱኝ” ብሎ ሲጽፍ እናንተ ለሾፌሩ በቴሌግራም “8 ሰዓት” ብላችሁ ካስተላለፋችሁ፣ ሾፌሩ የሚደርሰው ከምሳ በኋላ ነው። ስለዚህ በጎግል ካሌንደር ላይ የቀጠሮው ሰዓት በእንግዳው አቆጣጠር ይመዝገብ፤ ለሾፌሩ የሚላከው መልእክት ደግሞ “ከጠዋቱ 2 ሰዓት” ይበል፤ “ከጠዋቱ” የምትለው ቃል ፈጽሞ አትቅር። ቀኑም እንዲሁ ነው። ጥምቀት ጥር 11 ቢሆንም በፈረንጆቹ አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19፣ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ግን ጃንዋሪ 20 ይውላል፤ በ2016 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነበር። ይህን ሳያጣሩ ሆቴል የያዙ ሰዎች እንግዳቸውን በበዓሉ ማግሥት መሸኘት ሲገባቸው በበዓሉ ዕለት ከክፍሉ ያስወጡታል።

አሁን ወደ ቀመሩ እንምጣ። ዋጋ ከመናገራችሁ በፊት አንድ ሳምንት በሙከራ ሠርታችሁ እያንዳንዱን ሥራ ከፈጀው ደቂቃ ጋር በጎግል ሺትስ መዝግቡ። ለአስጎብኚያችን በቀን አምስት አዳዲስ ጥያቄዎች ይመጣሉ፣ አንዱን ለመመለስም አሥራ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል እንበል። ይህ በቀን አንድ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ለተሠራበት የአራት ሳምንት ወር ደግሞ 20 ሰዓት ነው። ለቀጠሮ፣ ለሆቴልና ለአውሮፕላን ትኬት ክትትል 6 ሰዓት፣ ደረሰኝ ለማዘጋጀት፣ ያልተከፈለ ቀብድ ለማስታወስና በየዓርቡ ለባለቤቱ ለሚላከው ሪፖርት 4 ሰዓት ብትጨምሩ ጥቅሉ 30 ሰዓት ይሆናል። ለተደጋጋሚ ጥያቄዎች የመልስ ረቂቅ ስታዘጋጁ ደቂቃው ይቀንሳል፤ የተረፈውን ሰዓት ሳትናገሩ ከማስቀረት ይልቅ በቀጣዩ ወር ውል ላይ ጥቅሉን እንደገና አስሉት።

በውሉ ላይ ከሰዓቱ ይልቅ ጠብ የሚያስነሣው ድንበሩ ነው። ከተዘጋጀው የዋጋ ዝርዝር ውጭ ቅናሽ መስጠት፣ ገንዘብ ማንቀሳቀስና የቅሬታ ካሣ መወሰን የባለቤቱ ሥራ እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። እሱ ኔትወርክ በሌለበት ቀን እንዲህ ያለ ጉዳይ ቢመጣ፣ እናንተ ለእንግዳው በዕለቱ “ጥያቄዎ ደርሶናል፤ ውሳኔውን እስከ ሐሙስ እናሳውቅዎታለን” ብላችሁ ትመልሳላችሁ፤ ሐሙስ የተባለውም ባለቤቱ ከተራራ የሚወርድበትን ቀን ካሌንደሩ ላይ አይታችሁ ነው። መጥፎ ምልክት የምታዩት ደግሞ በሪፖርቱ ላይ ነው፦ “ባለቤቱን በመጠበቅ ላይ” የሚለው ዝርዝር ከዓርብ ወደ ዓርብ እየረዘመ ከሄደ የሰጣችሁ ሥልጣን ጠቧል ማለት ስለሆነ፣ ተጨማሪ ሰዓት ከመጠየቃችሁ በፊት በራሳችሁ ልትፈቅዱ የምትችሉትን የቅናሽ ጣሪያ ጠይቁት።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።