ፀሐይ እያለ ሶላሩ ለምን ይጠፋል?

እሺ ሰላም፣ ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ ከባህር ዳር። ሰው እየደጋገመ የሚጠይቀኝ ነገር አለ፣ «ጣራዬ ላይ ፓኔል አለ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ግን መብራት ሲሄድ ሶላሩም አብሮ ይጠፋል፣ ተበላሽቶ ነው?» ይሉኛል።

አልተበላሸም። ግሪድ ታይድ የሚባለው ኢንቨርተር፣ የፓኔሉን ከረንት ለቤት ወደሚሆን መብራት የሚቀይረው ዕቃ ማለት ነው፣ የመስመሩን መብራት እያየ ነው የሚሠራው፣ መስመሩ ሲሞት እሱም ወዲያው ራሱን ያጠፋል፣ ሆን ተብሎ ነው እንደዛ የተሠራው፣ ምክንያቱም ፖል ላይ ወጥቶ የሚጠግነው ሰው መስመሩ ሞቷል ብሎ ሲነካ ከእናንተ ጣራ የመጣ ከረንት እንዳይገድለው ነው። ስለዚህ ባትሪ የሌለው ግሪድ ታይድ መብራት በየጊዜው ለሚሄድበት ቤት አይሆንም፣ እኔ በጭራሽ አልመክረውም።

«በቃ ከመስመሩ ልገላገል፣ ሙሉ ኦፍ ግሪድ ላድርገው» የሚሉም አሉ። ሽምብጥ አካባቢ የምትኖር አንዲት እህት እንደዛ ብላኝ ቁጭ ብለን አሰላነው። ፍሪጅ፣ አምፖል፣ ቲቪ፣ ዋይፋይ፣ ሁሉም ተደምሮ በቀን ወደ 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፣ ምጣዱን ሳንቆጥር ማለት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደመናው ሲከርም ለሁለት ቀን የሚበቃ ማስቀመጥ ስላለባት 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስፈልጋታል። ባለ 12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት ጄል ባትሪ ደግሞ 2.4 ይይዛል ቢባልም ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ነው የምትጠቀመው፣ ስለዚህ አራት ባትሪ። መስመር ጭራሽ ለሌለው፣ ለምሳሌ ጣና ውስጥ ደሴት ላይ ለሚኖር፣ ይሄ ወጪ ልክ ነው። እሷ ግን መስመር አላት፣ ችግሯ ማታ ማታ ለአራት ለአምስት ሰዓት ያህል መጥፋቱ ነው። ለዛ ወደ 180 ዋት በአምስት ሰዓት ብትሉት 900 ዋት ሰዓት ነው፣ አንድ ባትሪ ይበቃታል። ሃይብሪድ፣ ማለትም ፀሐዩንም ባትሪውንም መስመሩንም አንድ ላይ የሚጠቀም ኢንቨርተር፣ የምለው ለዚህ ነው፣ ደመና ሲሆን ባትሪው ከመስመሩ ይሞላል።

ምጣዱን ግን ከኢንቨርተሩ ጋር አታገናኙት፣ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፣ በቀጥታ ከቆጣሪው ይሁን። ሲገጠምላችሁ ደግሞ ባለሙያው ሳይሄድ በቀን የቆጣሪውን ብሬከር አጥፉና የቱ አምፖል፣ የቱ ሶኬት እንደቀረ እየዞራችሁ እዩ፣ ፍሪጁ ከጠፋ ባትሪው የሚመግበው ባክአፕ መስመር ላይ አልገባም ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አያየውም፣ ሴቲንጉን። ብዙ ሃይብሪዶች ስክሪናቸው ላይ SBU እና SUB የሚል ምርጫ አላቸው፣ S ፀሐይ፣ B ባትሪ፣ U መስመሩ ነው፣ ፊደሎቹ የሚናገሩት ተራውን ነው። SBU ላይ ከሆነ ፀሐይ ስትጠልቅ መስመሩ እያለም ባትሪውን ነው የሚበላው፣ ቢል ይቀንሳል፣ ግን ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ሲሄድ ባትሪው ተጋምሶ ይጠብቃችኋል፣ ከዛ ሰው «ባትሪው ፎርጅድ ነው» ብሎ ከሻጩ ጋር ይጣላል። SUB ላይ ቀን በፀሐይ፣ ካልበቃ በመስመሩ ይሠራል፣ ባትሪው የሚነካው መስመሩ ሄዶ ፀሐዩም ሳይበቃ ሲቀር ነው። የእሷን SUB ላይ ነው ያደረግነው፣ ክረምት ከበጋ።